ጋፕ ጉድጓድ አይደለም፦ «ሁሉም ይሞላል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ጋፕ ሁሉ ይሞላል። ጣና ዳር ያደገ ሰው ክረምት ሲገባ ውሃ የማይሞላው ጉድጓድ እንደሌለ ያውቃል፤ ቻርትም እንደዚያው ነው። ሪፖርቱን ማንበብ አያስፈልግም፣ ቻርቱ ሁሉንም ይናገራል። ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ሜታ በ2022 የከፈተውን ጋፕ ይመልከት፤ እሱ እንኳ ተሞልቷል። ስለዚህ ገበያው እንደተከፈተ ከጋፑ በተቃራኒ ግቡ፤ ስቶፕ እስካስቀመጣችሁ ድረስ የሚያስፈራ ነገር የለም።»

ከላይ ያሉት ዐረፍተ ነገሮች ባሕር ዳር ውስጥ ቻርት ለሚማሩ ጀማሪዎች ከተዘጋጀ ጽሑፍ የተወሰዱ ናቸው። ጽሑፉ ስለ ሻማዎች፣ ማለትም የቀኑን መክፈቻ፣ መዝጊያ፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ ስለሚያሳዩት ምልክቶች፣ አሳሳል ያስቀመጠው ነገር ደህና ነው፤ እሱን አንነካውም። በእነዚህ ላይ ግን በየተራ እንመልሳለን። ጋፕ የሚባለው ገበያው ከትናንት መዝጊያው ዋጋ ርቆ ሲከፈት ቻርት ላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ ነው፤ ተሞላ የሚባለው ዋጋው ተመልሶ ያንን መዝጊያ ሲነካ ነው። ስቶፕ ደግሞ ዋጋው የተወሰነ ደረጃ ሲደርስ ከንግዱ ለመውጣት ቀድሞ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ሰዓቶቹ ግን በእኛው አቆጣጠር ነው የተጻፉት።

ስለ ጉድጓዱ

ውሃ ወደ ጉድጓድ የሚወርደው ክብደቱ ስለሚጎትተው ነው። ቻርት ላይ ያለ ባዶ ቦታ ግን ዋጋን የሚጎትትበት ምንም ኃይል የለውም። ባዶው ቦታ የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገበያው ዝግ በነበረበት ሰዓት ሻጭም ገዥም ሐሳባቸውን ስለቀየሩ፣ በመሃል ባለው ዋጋ ሊገበያይ የፈለገ ሰው አልተገኘም።

ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ስም የሰጧቸው ይመስለናል። አንዱ በየጠዋቱ የሚታየው ትንሽ ጋፕ ነው። ምንም ዜና ሳይኖር፣ ሌሊት የተጠራቀሙ ጥቂት ትእዛዞች ዋጋውን ግማሽ ወይም አንድ በመቶ ገፋ አድርገውት ይከፈታል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይሞላል፤ ምክንያቱም የገፋው ነገር ትእዛዙ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። «ጋፕ ይሞላል» የሚለው ልማዳዊ አባባልም የተወለደው ከዚህኛው ይመስለናል። ሁለተኛው ኩባንያው የሩብ ዓመት ሪፖርቱን ካወጣ በኋላ የሚከፈተው ነው። እዚህ ላይ የተቀየረው ኩባንያው ወደፊት ያገኛል ተብሎ የሚታሰበው ገንዘብ ነው፤ ያ ግምት ተመልሶ ካልተቀየረ ደግሞ ዋጋው ወደ ድሮው ቦታ የሚመለስበት ምክንያት የለውም።

(ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ አክሲዮኑ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ሲገበያይ የሚፈጠር። ጃንዋሪ 2025 ሥራ በጀመረው የአዲስ አበባው የአክሲዮን ገበያ ቻርት መከታተል የጀመሩ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ፤ ግብይት በሌለበት የሚታይ ክፍተት ስለ ዜናም ስለ ስሜትም ብዙ አይነግርም።)

እስከ ዛሬ ያልተሞላ ጋፕ ለማየት ኤንቪዲያን መክፈት ይበቃል። ሜይ 24 ቀን 2023 አክሲዮኑ በ305.38 ዶላር ዘጋ። ማታውኑ ኩባንያው በቀጣዩ ሩብ ዓመት 11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሽያጭ እንደሚጠብቅ አሳወቀ፤ ተንታኞች ይጠብቁ የነበረው 7.15 ቢሊዮን ያህል ነበር። በማግስቱ በ385.23 ተከፈተ፤ የቀኑ ዝቅተኛ ዋጋ 366.35 ሆነ። ከዚያ ወዲህ አክሲዮኑ ብዙ ከባድ ውድቀት አይቷል፣ ወደ 305 ግን አልተመለሰም፤ 366 እንኳ አልተነካም። ከጁን 2024 የአሥር ለአንድ ክፍፍል በኋላ እነዚህ ቁጥሮች ቻርት ላይ 30.54፣ 38.52 እና 36.64 ሆነው ነው የሚታዩት። ዋጋዎቹን አጣሁ የሚል ሰው በአሥር ያካፍላቸው።

«ገና ነው፣ አንድ ቀን ይሞላል» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ቀነ ገደብ የሌለው ትንቢት ግን ስህተት ሆኖ ሊገኝ አይችልም፤ ስለዚህም ለገንዘብ ውሳኔ አይጠቅምም። ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ዕድል ይዞ የሚንከራተት ዋጋ እንኳ ያለ ገደብ ከተጠበቀ የትኛውንም ቁጥር መንካቱ አይቀርም፤ ጋፕ ኖረም አልኖረም። ሪፖርትን ተከትሎ ለሚነሳ ጋፕ ተገቢው ገደብ ቀጣዩ ሪፖርት ነው፤ ይኸውም ስድሳ ገደማ የግብይት ቀናት። ያኔ አዲስ ቁጥር ይመጣል፣ አሮጌው ክርክር ያበቃል። በርናርድና ቶማስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1989 ባወጡት ጥናት ያልተጠበቀ ውጤት ያመጡ ኩባንያዎች አክሲዮን ከዜናው በኋላም በዚያው አቅጣጫ መንሸራተቱን እንደሚቀጥል ያሳዩት በዚሁ የስድሳ ቀን መስኮት ውስጥ ነበር። በትልልቅ አክሲዮኖች ላይ ይህ መንሸራተት ከድሮው ደክሟል፤ አቅጣጫው ግን «ይሞላል» ከሚለው ጋር አይሄድም።

ስለ ሪፖርቱ

ጸሐፊው ጊዜ ለመቆጠብ አስበው ከሆነ፣ ባሕር ዳር ላይ ጊዜ የሚጎድል ነገር አይደለም። የኒውዮርክ ገበያ በእነሱ የበጋ ሰዓት ከቀኑ 10:30 ተከፍቶ ከምሽቱ 5:00 ይዘጋል፤ በክረምት ሰዓታቸው ሁሉም አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሪፖርታቸውን የሚለቁት አብዛኛውን ጊዜ ገበያው በዘጋ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ከዚያ እስከ ማግስቱ መክፈቻ ከአሥራ ሰባት ሰዓት በላይ አለ። ተኝቶ ተነስቶ፣ ጠዋት ሻይ እየጠጡ ሁለት ገጽ ለማንበብ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

የሚነበበውም ጥቂት ነው። በአሜሪካ ገበያ ተቆጣጣሪ ድረ ገጽ ላይ EDGAR በሚባለው ነፃ ማኅደር የኩባንያውን ስም ፈልጎ 8-K የተባለውን ቅጽ፣ በውስጡም Exhibit 99.1 የሚለውን አባሪ መክፈት ነው። ያለፈውን ሩብ ዓመት የሚተርከውን ክፍል ለጊዜው ዝለሉትና Outlook የሚል ርዕስ ፈልጉ (ሜታ CFO Outlook Commentary ይለዋል)። ኩባንያው ለቀጣዩ ሩብ ዓመት የሚጠብቀው ሽያጭ እዚያ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ተጽፏል። የሁለቱን መካከለኛ ውሰዱና ተንታኞች ይጠብቁት ከነበረው ቁጥር በስንት በመቶ እንደሚለይ አስሉ። የተንታኞቹ ግምት በማንኛውም የገንዘብ ዜና ዘገባ ውስጥ ከሪፖርቱ ጎን ይገኛል። ከዚያ ጋፑ ራሱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ማለትም ከትናንት መዝጊያ እስከ ዛሬ መክፈቻ፣ አስልታችሁ ከጎኑ አስቀምጡት።

ኤንቪዲያ ላይ የሽያጭ ግምቱ ከተጠበቀው 54 በመቶ ያህል በለጠ፤ ዋጋው ግን ሲከፈት የጨመረው 26 በመቶ ነው። የዋጋው ዝላይ ከግምቱ ዝላይ ያነሰ ነበር። ቻርቱን ብቻ ያየ ሰው «ይህን ያህል ዘሎ እንዴት አይመለስም» ይላል፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ግን አክሲዮኑ ከሚጠበቅበት ገቢ አንፃር ካለፈው ቀን ይልቅ ረክሶ እንደተከፈተ ይገባዋል።

ቻርቱ «ሁሉን ይናገራል» ከተባለ ደግሞ በመጀመሪያ ትክክለኛው ቻርት መከፈቱን ማረጋገጥ ይገባል። ትሬዲንግ ቪው በሚባለው የቻርት ድረ ገጽ ላይ ከታች በኩል ያለው ምርጫ ETH ላይ ከሆነ ከመክፈቻ በፊትና ከመዝጊያ በኋላ ያለው ግብይት አብሮ ስለሚሳል፣ በደቂቃና በሰዓት ቻርት ላይ ጋፑ ጠቦ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ይታያል፤ RTH ላይ አድርጉት። ADJ የሚለው ከተጫነ ደግሞ የድሮ ዋጋዎች በተከፈለው ዲቪደንድ ልክ ዝቅ ይላሉ። ሜታ ከ2024 ጀምሮ ዲቪደንድ ስለሚከፍል ቀጥሎ የምንጠቅሰው 323 በዚያ ቻርት ላይ ጥቂት አንሶ ይገኛል። ከአክሲዮኑ ይልቅ የሲኤፍዲ፣ ማለትም አክሲዮኑን ሳይገዙ በዋጋው ለውጥ ላይ ብቻ የሚደረግ ውል፣ ቻርት የሚያሳዩ ብሮከሮችም አሉ። መክፈቻና መዝጊያቸው ከዋናው ገበያ ጋር ላይገጥም ስለሚችል፣ ጋፕን በነሱ ቻርት መለካት አይመከርም።

ስለ ሜታ

ምሳሌው በራሱ እውነት ነው፤ ጋፑ ተሞልቷል። በ2022 ማን ምን ገዝቶ ምን እንደደረሰበት ሲታይ ግን ለተቃራኒው ነው የሚመሰክረው።

ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2022 ሜታ በ323.00 ዶላር ዘጋ። ማታ በወጣው ሪፖርት በየቀኑ ፌስቡክን የሚጠቀሙ ሰዎች ቁጥር ከ1.930 ወደ 1.929 ቢሊዮን ወረደ፤ በታሪኩ የመጀመሪያው መውረድ ነበር። ለቀጣዩ ሩብ ዓመት ከ27 እስከ 29 ቢሊዮን ዶላር ሽያጭ ተነበየ፤ ገበያው የጠበቀው 30.15 ቢሊዮን ነበር። አፕል በስልኮቹ ላይ ያመጣው የግላዊነት ለውጥ በዓመቱ 10 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሽያጭ እንደሚያሳጣውም ኃላፊዎቹ ተናገሩ። በማግስቱ በ244.65 ተከፍቶ በ237.76 ዘጋ።

ጸሐፊው እንደመከሩት በዚያ ቀን መክፈቻ ላይ የገዛ ሰው ምን አየ? በኦክቶበር 2022 ሌላ ሪፖርት ሌላ ጋፕ ከፈተ፤ ከ129.82 ተነስቶ በአንድ ቀን 97.94 ላይ ዘጋ። በኖቬምበር መጀመሪያ 88.09 ተነካ፤ ከመግቢያው 64 በመቶ ወርዶ ማለት ነው። ወደ 323 የተመለሰው ጁላይ 2023 መጨረሻ ላይ ነው፤ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቆይቶ። የመለሰውም ባዶው ቦታ አልነበረም። በመካከሉ ኩባንያው 11,000 ያህል ሠራተኛ አሰናበተ፣ ወጪውን ቀነሰ፤ የፌብሩዋሪ 2023 ሪፖርቱም በአንድ ቀን 23 በመቶ አስነሳው። ጋፑን የሞሉት አዳዲስ ሪፖርቶች ናቸው፤ እነሱ ባይመጡ ኖሮ 323 ዛሬም እዚያው ላይ ባዶ በቆመ ነበር።

ከዚህ ጋር የሚነፃፀር፣ ያውም የዚያው ኩባንያ፣ ሌላ ጋፕ አለ። ኤፕሪል 24 ቀን 2024 ሜታ በ493.50 ዘጋ። የሩብ ዓመቱ ሽያጭ 27 በመቶ አድጎ ነበር። ለቀጣዩ ከ36.5 እስከ 39 ቢሊዮን ተነበየ፤ መካከለኛው 37.75 ነው፣ የተጠበቀው 38.3 ገደማ። ገበያውን ያስደነገጠው በዋናነት ሌላ መስመር ነው። ለመረጃ ማዕከሎችና ለመሣሪያዎች የሚወጣው ዓመታዊ ካፒታል ከ30 እስከ 37 የነበረው ከ35 እስከ 40 ቢሊዮን ተባለ። በማግስቱ በ421.40 ተከፈተ፣ 414.50 ነክቶ ተነሳ፣ በ441.38 ዘጋ። ጁን 2024 መጀመሪያ ላይ 493.50 ተነካ፤ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ቆይቶ።

የሁለቱ ልዩነት ከመክፈቻ በፊት ይታይ ነበር። በ2022 ትንበያው ከተጠበቀው 7 በመቶ አነሰ፤ ጋፑ 24 በመቶ ሆነ፣ ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ። በ2024 ትንበያው ያነሰው አንድ በመቶ ተኩል ያህል ሲሆን ጋፑ ወደ 15 በመቶ ተጠጋ፤ አሥር እጥፍ። ዋጋው ከቁጥሩ እጅግ ርቆ ሲሄድ ለመመለስ ቦታ አለው። ከዚህም በላይ የተጎዳው መስመር ይለያያል። በ2022 የታመመው ሽያጩና ተጠቃሚው ነበር፤ ኩባንያው ሊያዝዘው የማይችለው ነገር። በ2024 ሽያጩ ጤነኛ ሆኖ ወጪው ጨመረ፤ ወጪን ደግሞ ኩባንያው ራሱ ወስኖ አመጣው፣ ራሱ ሊገታውም ይችላል። ለዕቃ ማከማቻ፣ ለክስ ወይም ለሠራተኛ ስንብት በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ የተመዘገበ ወጪ የከፈተው ጋፕም ከዚህኛው ወገን ነው።

ይህን እጥፍ እንደ ሕግ አትያዙት። ትንበያው ከተጠበቀው ጋር እኩል ሲሆን እጥፉ ትርጉም የሌለው ትልቅ ቁጥር ይሆናል፤ በሽያጭ ስለሚለካም የትርፍ ህዳግ ጉዳትን አያይም። ከላይ ያሉት ሦስት ጋፖችም ነገሩን ለማሳየት የተመረጡ እንጂ ናሙና አይደሉም። የሚጠቅመው በአንድ የሪፖርት ሰሞን የተከፈቱ ጋፖችን ደረጃ ለማስያዝ ነው፤ የትኛውን መመልከት፣ የትኛውን ጨርሶ መተው እንደሚገባ።

የመጀመሪያው ቀን ሻማ ሁለተኛው ምስክር ነው። ከመዝጊያው ዋጋ የቀኑን ዝቅተኛ ቀንሱ፣ ውጤቱን በቀኑ ከፍተኛና ዝቅተኛ መካከል ላለው ርቀት አካፍሉ። በ2022 ቀኑ ከ235.75 እስከ 248.00 ነበር፤ መዝጊያው 16 በመቶ ላይ፣ ከወለሉ አጠገብ ተቀመጠ። ሻጩ ገና አልጨረሰም ማለት ነው። በ2024 ከ414.50 እስከ 445.77 ነበር፤ መዝጊያው 86 በመቶ ላይ ሆነ። ትልልቅ ገንዘብ አስተዳዳሪዎች ድርሻቸውን በአንድ ቀን ሸጠው ስለማይጨርሱ፣ ደካማ መዝጊያ ብዙ ጊዜ ተከታይ አለው። ይህም ምስክር ዝም የሚልበት ቀን አለ። ኤንቪዲያ በዚያ ታላቅ ቀን የዘጋው 47 በመቶ ላይ ነበር፣ ልክ ከመሃል፤ ሻማውን ብቻ ያየ ሰው ምንም ባልገባው ነበር። ሻማው ዝም ሲል ሪፖርቱ ይወስናል።

ስለ መግቢያውና ስለ ስቶፑ

መክፈቻው ላይ መግባት ከሁሉም የከፋው ሰዓት ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ልዩነት ይሰፋል፣ የሌሊቱ ትእዛዝ በጅምላ ይወርዳል፣ የቀኑ ዝቅተኛም ገና አልታወቀም። የቀኑ ዝቅተኛ ካልታወቀ ስቶፑ የት እንደሚቀመጥ የሚነግር ነገር የለም። የ2024ቱን ሜታ በመዝጊያው አካባቢ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ በ441 የገዛ ሰው ስቶፑን ከ414.50 በታች፣ ለምሳሌ 413 ላይ ያስቀምጣል። ከተሳሳተ 28 ዶላር ይከስራል፤ ጋፑ ከተሞላ 52 ያተርፋል። ዋጋው በመካከሉ በኤፕሪል መጨረሻ ወደ 430 ቢመለስም ስቶፑ አልተነካም። ገደቡ ቀጣዩ ሪፖርት ነበር፤ ጁላይ 31። በዚያው ሥርዓት የ2022ቱ ጋፕ በደካማ መዝጊያው ምክንያት መግቢያ አይሰጥም ነበር፤ ገንዘብ ያዳነውም ይህ ነው።

ስቶፕ ራሱ የሚሠራው ገበያው ክፍት ሆኖ ዋጋው ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ነው። ኤፕሪል 24 ማታ ሜታን ይዞ 480 ላይ ስቶፕ አስቀምጦ የተኛን ሰው አስቡ። ትእዛዙ በማግስቱ መክፈቻ ላይ ተነሳ፤ የተሸጠው ግን በ480 ሳይሆን በ421 አካባቢ ነው። አሥራ ሦስት ዶላር ተኩል ያለው ኪሳራ ሰባ ሁለት ሆነ። ከተወሰነ ዋጋ በታች የማይሸጠውን ስቶፕ ሊሚት ቢጠቀም ደግሞ ጭራሹኑ ላይሸጥለት ይችል ነበር። ስቶፑ ብሮከሩ ጋ ተመዝግቦ መቀመጡንም አረጋግጡ። በስልካችሁ ላይ ባለ ፕሮግራም ብቻ የሚጠበቅ ከሆነ መብራት ወይም ኔት በጠፋበት ማታ ስቶፕ የላችሁም።

ስለዚህ ከሪፖርት በፊት የተያዘ አክሲዮን መጠን በስቶፑ ርቀት አይሰላም። ኩባንያው ባለፉት ስምንት ሪፖርቶች ማግስት ስንት በመቶ እንደዘለለ ከቻርቱ ላይ ቁጠሩ፤ ትልቁን ውሰዱ። ሒሳቡ 2,000 ዶላር ሆኖ በአንድ ንግድ ከ40 ዶላር በላይ መክሰር የማይፈልግ ሰው፣ ያ ትልቁ ዝላይ 25 በመቶ ከሆነ፣ ከሪፖርቱ በፊት ከ160 ዶላር የበለጠ አክሲዮን መያዝ የለበትም። ብድር ጨምሮ በሲኤፍዲ የያዘ ከሆነም የሚቆጠረው ያስያዘው ገንዘብ ሳይሆን የአክሲዮኑ ሙሉ ዋጋ ነው፤ ጋፑ የሚመታው እሱን ነውና።